ለኤአርቲ ጀማሪዎች የተዘጋጀችው የኪስ መጽሐፍ፦ ላዘጋጇት ምስጋና፣ ለሚያስፈልጋችሁ ጥቆማ

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለሚጀምሩ ሰዎች ይህችን የኪስ መጽሐፍ ያዘጋጃችሁ ፋርማሲስቶች፣ ነርሶችና የቁርኝት ደጋፊዎች፣ ከልብ እናመሰግናለን። እኛም በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ካነበብናት በኋላ፣ ዝም ብሎ «አንብቧት» ከማለት የትኛው ገጽ ለምን እንደሚጠቅም መናገር ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

ሽፋኗ ላይ የበሽታው ስም የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቤተሰብ ተሸሽጎ የሚቀመጥ መጽሐፍ ክኒን በተረሳበት ሰዓት አይገኝም፤ ይህቺ ግን ጠረጴዛ ላይ ብትውል የያዛትን ሰው ምስጢር አታወጣም።

የተጻፈችው ቲኤልዲ ለሚባለው ክኒን ነው። በአንድ ክኒን ውስጥ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም አለ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይዋጣል። ከሁሉ የወደድነው «ክኒኑን ብረሳስ?» የሚለውን ገጽ ነው። ብዙ ጽሑፎች «ሳያቋርጡ ይውሰዱ» ብለው ያልፋሉ፤ ሰው መርሳቱ ግን አይቀርም፤ የረሳ ዕለት የሚፈልገው ደግሞ ተግሳጽ ሳይሆን ሰዓት ነው። የመጽሐፏ ሕግ አጭር ነው፦ እንዳስታወስክ ዋጠው፤ የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን ያለፈውን ተወው። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰድ።

ይህን በምሳሌ አስቀምጣዋለች። ክኒኑን ዘወትር ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚወስድ ሰው ትናንት ማታ ረስቶ አደረ እንበል። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካስታወሰ ያኔውኑ ይውጥና የዛሬውን ደግሞ እንደ ልማዱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢያስታውስም ገና 5 ሰዓት ስለሚቀረው ይውጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ካስታወሰ ግን የቀረው 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይታገስና 3 ሰዓት ሲሆን አንዱን ብቻ ይወስዳል። ለዚህ ሰው መቁረጫው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የመዋጫ ሰዓትና የራሱን መቁረጫ ሰዓት በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። በተጨነቀ ሰዓት መቁጠር ስለማያስፈልግ ይህ ባዶ ቦታ ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ምክንያቱንም አልዘለለችውም። ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ በየ14 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ክኒን ቢዘለል ከሰውነት ወዲያው ተሟጦ አይጠፋም። ተከታታይ ቀናት ሲዘለሉ ግን መድኃኒቱ ቫይረሱን ለማቆም የማይበቃበት መጠን ላይ ይወርዳል፤ ቫይረሱ ይራባል፣ በዚያ መሀል መድኃኒቱን የሚላመድ ዘር ሊፈጠር ይችላል። ሁለት ክኒን በአንዴ መዋጥ ያለፈውን ቀን አይመልስም፤ ማቅለሽለሹን ግን ሊያባብሰው ይችላል።

ስለ ማስመለስ የተጻፈው ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ይበቃልም። በዋጡ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሱ ሌላ ክኒን ይውሰዱ፤ ከ1 ሰዓት በላይ ካለፈ መድገም አያስፈልግም።

ክኒኑ በየቀኑ እየተዋጠም በሚገባው መጠን ደም ውስጥ ላይገባ እንደሚችል የምታስረዳው ክፍል ሊነበብ የሚገባው ነው። ዶሉቴግራቪር ሆድ ውስጥ ከአሉሚኒየምና ከማግኒዚየም፣ ከካልሲየምና ከአይረን ጋር ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ አንጀት በደንብ አይመጠውም። ሰውየው አንድም ቀን ሳይዘል የቫይረሱ መጠን ሊወርድ ያልቻለበት ምክንያት የጨጓራ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው የኤችአይቪ ክኒኑን ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ። ማታ 3 ሰዓት ለሚውጠው ሰው ይህ ማለት ማስታገሻውን ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት በፊት ወይም ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ መውሰድ ነው። የአይረንና የካልሲየም ክኒን የሚወስዱ እርጉዞች ቀለል ያለ አማራጭ አላቸው፤ ሁሉንም ከምግብ ጋር አንድ ላይ መዋጥ ይችላሉ። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን የ2 እና የ6 ሰዓቱ ልዩነት ለእነሱም ይሠራል። ልብ በሉ፣ ምግብ የሚያድነው አይረንና ካልሲየምን ብቻ ነው፤ ከጨጓራ ማስታገሻው ጋር ምግብ ቢበሉም ልዩነቱን መጠበቅ ግድ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ያቀረቡበትም መንገድ ደስ ይላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ክኒኑን ከምግብ ጋር መዋጥ ይረዳዋል። እንቅልፍ ለነሳው ወይም ቅዠት ላስቸገረው ደግሞ መዋጫውን ወደ ጠዋት ማዞር ነው። እንዴት እንደሚዞር ግን ሰው አያውቅም፤ መጽሐፏ በየቀኑ 3 ሰዓት መቅደምን ታሳያለች። ማታ 3 ሰዓት የነበረው በማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት፣ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ 9፣ ቀጥሎ ቀን 6፣ ከዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይረጋል። በሁለት ክኒን መሀል ከ24 ሰዓት በላይ የሚያልፍበት ቀን የለም።

በቤት የማይጠበቁትንም ለይታለች። ሽፍታ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት አዲስ ሳል ወይም ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በቀላሉ የጎንዮሽ ጉዳት ተማርሮ መድኃኒቱን በራስ ማቆምም አደጋ አለው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም ስለሚያዳክሙ፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው በድንገት ሲያቆማቸው ጉበቱ ክፉኛ ሊታመም ይችላል። በእኛ አስተያየት ይህ ዓረፍተ ነገር በደማቅ ቀለም መታተም ነበረበት፤ አሁን በገጹ ግርጌ ተቀምጧል። በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት።

መጽሐፏ ለሁሉም አትሆንም። ለሕፃናት መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን የእነሱ መመሪያ ሌላ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከቲኤልዲው 12 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ የዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም ክኒን ይታዘዝለታል፤ ስለዚህ ሁለት የመዋጫ ሰዓት አለው፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አንድ ባዶ ቦታም አይበቃውም። እንዲህ ያለ ሰው ሁለቱንም ሰዓት ከፋርማሲስቱ ጋር ሆኖ ኅዳጉ ላይ ይጻፍ።

ለምትጀምሩ ሁሉ የምንጠቁመው ይህን ነው፦ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ስትቀበሉ መጽሐፏን ጠይቁ፤ ከመስኮቱ ሳትነሱም የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ የጨጓራውንና የቫይታሚኑን ጨምሮ፣ ለፋርማሲስቱ ተናግራችሁ የመጨረሻውን ገጽ አብራችሁ ሙሉ።