መስመሩ አየር ሲይዝ፦ የትኛው ቫልቭ፣ በየትኛው ቦታ? ንጽጽር

ምንጩ ጎልብቷል፣ ቧንቧው ተቀብሯል፣ ማጠራቀሚያው ከምንጩ 22 ሜትር ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። ውሃው ሲለቀቅ ግን የማጠራቀሚያው መግቢያ ጥቂት አየር ይተነፍስና ዝም ይላል። ቧንቧው ተደፍኖ ይሆናል ተብሎ ቦዩ እንደገና ይቆፈራል፤ የተደፈነ ነገር የለም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ጉብታው ላይ ቧንቧውን በምስማር ይበሳዋል። አየሩ እያፏጨ ይወጣል፣ እንደ ወተት የነጣ ውሃ ይከተላል፣ ታች ያለው ማጠራቀሚያም መሙላት ይጀምራል። ቀዳዳው በእንጨት ይወተፋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሲያንጠባጥብ ይኖራል።

ይህን የሚከላከለው ዕቃ ብዙ ዓይነት አይደለም። ገዢዎች የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ቫልቭ በጅምላ ገዝተው በየጉብታው ሲያስቀምጡ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን ለየብቻ ሳይሆን በአንድ መስመር ላይ አስቀምጬ ማወዳደር እመርጣለሁ።

መስመሩ በደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነው እንበል። ርዝመቱ 3.1 ኪሎ ሜትር፣ ቧንቧው 63 ሚሊ ሜትር የፖሊኢትሊን ቧንቧ፣ ምንጩ በሰከንድ 0.8 ሊትር የሚሰጥ ነው። ከምንጩ 400 ሜትር ርቆ የመጀመሪያው ጉብታ አለ፤ ከምንጩ የሚያንሰው በ3 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ መስመሩ ቁልቁል 16 ሜትር ወርዶ ሸለቆ ይገባል። በ1,700ኛው ሜትር ላይ ሁለተኛው ጉብታ አለ፤ ከምንጩ በ14 ሜትር ያንሳል። ከእርሱ ደግሞ 18 ሜትር ወርዶ ከምንጩ 32 ሜትር ዝቅ ወዳለው ጥልቅ ሸለቆ ይገባና ተመልሶ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል።

ባዶው ቧንቧ ሲሞላ ውሃው ጉብታውን አልፎ በቁልቁለቱ የቧንቧውን ወለል ይዞ ይንሸራተታል እንጂ ቧንቧውን አይሞላም። ሸለቆው ሲደርስ ግን ይጠራቀምና መንገዱን ይዘጋል። አየሩ እንግዲህ በጉብታውና በሸለቆው መካከል፣ ቁልቁለቱ ላይ ታሰረ ማለት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የአየር ክብደት ከውሃ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው ውሃ ዳገቱን ሲወጣ ከኋላው ሊገፋው የሚገባው የውሃ ዓምድ የለም፤ በቦታው አየር አለ። ስለዚህ የታሰረው አየር ከላይ እስከ ታች ያለው ቁመት በሙሉ ከመስመሩ ግፊት ይቀነሳል።

አየሩ ግፊት ሲያርፍበት ስለሚታመቅ ቁመቱ ያጥራል። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
h = H × 7.7 / (7.7 + P)
```

H የቁልቁለቱ ቁመት፣ P ጉብታው ላይ ያለው ግፊት፣ h የሚቀረው የአየር ቁመት ነው፤ ሁሉም በሜትር፣ ግፊቱም በውሃ ዓምድ ቁመት ይለካል። 7.7 በዚህ ከፍታ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ነው። የውጭ መመሪያዎች 10 ገደማ ብለው የሚጽፉት በባሕር ጠረፍ ያለውን ነው፤ ለደጋ መስመር እርሱን መውሰድ ስሌቱን ያዛባል።

በመጀመሪያው ጉብታ ግፊቱ 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ 16 ሜትሩ ወደ 11.5 ብቻ ይታመቃል። በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ጉብታ ላይ የሚደርሰው ግፊት ከ14 ወደ 2.5 ሜትር ይወርዳል፤ 18 ሜትሩም 13.6 ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ 25.1 ሜትር ነው። ያለን 22 ሜትር ነው። ውሃው ከማጠራቀሚያው 3 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ቆሞ ይቀራል።

አሁን አየሩን ከመጀመሪያው ጉብታ ብቻ እናስወጣ። 11.5 ሜትሩ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ጉብታ ሙሉ 14 ሜትር ግፊቱን ስለሚያገኝ በእርሱ ያለው አየር ወደ 6.4 ሜትር ይኮማተራል። ውሃው ሲፈስ ግፊቱ በሰበቃ ስለሚቀንስ አየሩ መልሶ ጥቂት ይለጠጣል፤ ቢሆንም መስመሩ ይሠራል። ገንዘቡ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከፍታው ለምንጩ እጅግ የቀረበው ጉብታ ይቅደም። ብዙ ሰው ግን ከሩቅ ጎልቶ የሚታየውን፣ ጥልቅ ቁልቁለት ያለበትን ጉብታ ያስቀድማል።

ለመጀመሪያው ጉብታ፦ ቀጥ ያለ መተንፈሻ ወይስ አውቶማቲክ ቫልቭ?

አውቶማቲክ ቫልቭ በውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለው። አየር ሲኖር ኳሱ ወርዶ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ውሃ ሲመጣ ተነሥቶ ይዘጋል። በደንብ ለመዝጋት ግን ግፊት ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚሆን ይፈልጋሉ። ይህን ሻጩን ጠይቁ፣ በዕቃው መግለጫ ላይም ፈልጉ። በእኛ መስመር በሰከንድ 0.8 ሊትር ሲፈስ የመጀመሪያው ጉብታ 1.9 ሜትር ግፊት ብቻ ይቀረዋል። ማጠራቀሚያው ጋ ያለው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ደግሞ ቧንቧው በሰከንድ 1.4 ሊትር ገደማ መሳብ ስለሚችል ግፊቱ ወደ 0.2 ሜትር ይወርዳል። ያኔ ኳሱ አጥብቆ አይዘጋም፤ ያፈሳል፣ ወይም ከውጭ አየር ይስባል። የቫልቩ ጉድጓድ በዝናብ ውሃ ተሞልቶ ከሆነ የሚሳበው ያ ቆሻሻ ውሃ ነው።

ቀጥ ያለ መተንፈሻ ከቧንቧው ላይ ተነሥቶ ከምንጩ የውሃ ወለል በግማሽ ሜትር የሚበልጥ የቆመ ቧንቧ ብቻ ነው። እዚህ 3.5 ሜትር ይበቃዋል። ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ በወንፊት ይሸፈናል። ኳስ የለው፣ ጎማ የለው፣ የሚጣበቅ ነገር የለው፤ አየር በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ለዚህ ጉብታ ያለ ማመንታት እርሱን እመርጣለሁ። የብረት ቧንቧ ሆኖ በኮንክሪት መታሰር አለበት፤ ከብት ይታከክበታል፣ ልጆች ይወዘውዙታል። ለሁለተኛው ጉብታ ግን 14.5 ሜትር ምሰሶ ስለሚጠይቅ አይታሰብም።

ለሁለተኛው ጉብታ፦ በእጅ የሚከፈት፣ ባለ ትንሽ ቀዳዳ ወይስ ጥምር?

በእጅ የሚከፈተው ጌት ቫልቭ ከሁሉም ይረክሳል፣ አይበላሽምም። ነገር ግን የታሰረ አየር አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ነገር አይደለም። በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ግፊት በሚቀንስበት ቦታ እየተለየ ጉብታው ላይ ይጠራቀማል፤ መስመሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥርም አዲስ አየር ይገባል። የመስመሩ ጠባቂ በየሳምንቱ 1.7 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይከፍተዋል ብሎ ማቀድ ጠባቂውን መበደል ነው። ጉብታው ከጠባቂው ቤት አጠገብ ካልሆነ አልመክረውም።

ባለ ትንሽ ቀዳዳው አውቶማቲክ በሥራ ላይ ያለውን አየር ጥቂት በጥቂት ያስወጣል። ቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዳዳው ከሰፋ በውስጥ ያለው ግፊት ኳሱን ቀዳዳው ላይ ገፍቶ ይይዘዋል፤ አየር ቢጠራቀምም ኳሱ በክብደቱ ሊወድቅ አይችልም። ስለዚህ በገበያ ላይ ግዙፉን ባለ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ቫልቭ ስታዩ አትታለሉ። መስመር ሲሞላና ሲራገፍ ጥሩ ይሠራል፤ ግፊት ካረፈበት በኋላ ግን የሚጠራቀመውን አየር አያስወጣም። በተቃራኒው ትንሹ ቀዳዳ መስመሩ ሲራገፍ የሚያስፈልገውን ያህል አየር ማስገባት አይችልም።

ጥምሩ ሁለቱንም ቀዳዳዎች በአንድ አካል ይዟል። ዋጋው ከፍ ይላል። ከሥሩ ባለው ሸለቆ ደለል የሚጠረግበት የማጠቢያ ቫልቭ ካለ ግን ወጪው ተገቢ ነው፦ ማጠቢያው ሲከፈት ውሃው ከጉብታው 18 ሜትር ይወርዳል፤ አየር በፍጥነት ካልገባ ቧንቧው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል። ስስ ቧንቧ ይጨፈለቃል፤ ጠንካራው ቢችለውም በላላ መገጣጠሚያ የጭቃ ውሃ ይስባል። በእኛ መስመር ውሃው ሲፈስ ጉብታው ላይ 9.4 ሜትር ግፊት ስላለ ኳሱ አጥብቆ ይዘጋል። ለ63 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የ1 ኢንች ጥምር ይበቃል። ከሥሩ መዝጊያ ቫልቭ ይኑረው፤ አለዚያ ኳሱን ለማጽዳት መስመሩን በሙሉ ማቆም ግድ ይሆናል።

የሚቀመጥበት ነጥብ ጉብታው አናት ላይ ወይም በውሃው አቅጣጫ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው፤ የሚፈሰው ውሃ አየሩን ገፋ ያደርገዋልና። ጉብታው ዝርግ ከሆነ አናቱን በዓይን ወይም በስልክ ከፍታ መለኪያ አትወስኑ። የስልክ ስሕተት ብዙ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ደግሞ የምንከራከረው በ3 ሜትር ነው። በሌቭል ወይም በግልጽ የውሃ ቱቦ ለኩ። ቫልቩ የሚቆመውም ከቧንቧው እኩል ስፋት ባለው ቲ ላይ ይሁን። በግማሽ ኢንች ቀዳዳ ላይ ከታሰረ አየሩ ከሥሩ እየተንሸራተተ ያልፋል።

ለሸለቆዎቹ፦ ክዳን፣ ቦል ቫልቭ ወይስ ጌት ቫልቭ?

የሚጠመዘዝ ክዳን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በ32 ሜትር ግፊት ሥር አይከፈትም። መስመሩ ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ደለሉን ጠርጎ የሚያወጣው የውሃ ኃይል የለም። ደለል ለሌለው ንጹሕ ምንጭ፣ ለጥገና ብቻ ከሆነ ይሁን።

ቦል ቫልቭ በሩብ ዙር ይዘጋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። በሰከንድ 0.6 ሜትር የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲቆም በፖሊኢትሊን ቧንቧ ወደ 17 ሜትር ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል፤ በብረት ቧንቧ ግን 70 ሜትር ያልፋል። በእኛ መስመር 32 ሲደመር 17 ወደ 49 ሜትር ይሆናል፤ 6 ባር፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ የሚችል ቧንቧም ይሸከመዋል። ስለዚህ ለፕላስቲክ መስመር ቦል ቫልቭ የሚያስነቅፍ ምርጫ አይደለም፤ ለብረት መስመር ጌት ቫልቭ ብቻ።

የማጠቢያው ስፋት ለትንሽ ቧንቧ ከቧንቧው እኩል ወይም በአንድ ደረጃ ያነሰ ይሁን። በ1 ኢንች ማጠቢያ ውሃ ይወጣል፣ አሸዋው ግን ይቀራል። ቲው የሚገባው በሸለቆው ዝቅተኛ ነጥብ ነው፤ ወንዝ ካለ ግን ቫልቩን በዳርቻው፣ መውጫውንም ጎርፍ ከሚደርስበት በላይ አድርጉ። የመውጫው ጫፍ ወንፊት ይኑረው፤ እንቁራሪትና አይጥ ባዶ ቧንቧ ይወዳሉ።

መስመሩን ስትሞሉ ማጠቢያዎቹን ክፈቱና ከላይኛው ጀምራችሁ ውሃው ሲጠራ አንድ በአንድ ዝጉ። ቧንቧው 7.5 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዝ ምንጩ የሚሰጠው ውሃ በሙሉ ቢገባበትም ወደ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ አትቸኩሉ። ከሞላ በኋላ ማጠራቀሚያው ጋ ያለውን ቫልቭ በሰከንድ 0.8 ሊትር እስኪያሳልፍ አጥብቡት፤ ይህም 20 ሊትር ባልዲ በ25 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ካልጠበበ ቧንቧው ምንጩ ከሚሰጠው በላይ ይስባል፤ የምንጩ ሳጥን ይጎድላል፤ አየሩም በመግቢያው በኩል ይመለሳል።