አጭር ወይስ ረጅም ቪዲዮ? በጅማ ሥራውን ለሚያስቀርጽ ባለሙያ

የጅማን በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ጠርቦ የሚያወጣ ባለሙያ ሥራውን በዩቲዩብ ለማሳየት ቢፈልግና ገንዘቡ ለአንድ ቀን ቀረጻ ብቻ ቢበቃው፣ ስልክ ቀጥ ተደርጎ የሚታየውን አጭር ቪዲዮ ያሠራ ወይስ ረጅሙን? ሁለቱ የሚሰጡት ጥቅም የተለያየ ነው። አጭሩ ባለሙያውን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ዘንድ ያደርሰዋል፤ ረጅሙ ደግሞ በርጩማው ለምን ያን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ ለገዢው ያስረዳዋል።

እኔ ቀኑን ለረጅሙ ቪዲዮ መስጠት ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ከረጅሙ አጭር መቁረጥ ሲቻል፣ ከአጫጭር ቁርጥራጮች ግን አንድ ወጥ ታሪክ መሥራት እጅግ ያስቸግራል። ይህ የሚሠራው ግን ቀረጻው አስቀድሞ ታስቦበት ከሆነ ነው። ወደ ጎን በ1920 በ1080 ፒክሰል የተቀረጸ ምስል ለቁም ስክሪን ሲቆረጥ ከስፋቱ የሚተርፈው 608 ፒክሰል ያህል ብቻ ስለሆነ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በ4ኬ ሲቀረጽ ግን 1215 ያህል ይቀራል። ጥራቱ ቢበቃም እንኳ መሮውና እጁ ከክፈፉ መሐል ካልዋሉ ሲቆረጥ ይጠፋሉ። እኔም አንድ ጊዜ የጠራቢውን ፊት መሐል አድርጌ ቀርጬ፣ ለአጭሩ የሚሆን አንድም የእጅ ሥራ ሳላገኝ ቀርቻለሁ።

የትኛው ክፍል እንደሚቆረጥ የሚነግረን በዩቲዩብ ስቱዲዮ ያለው የተመልካች ቆይታ መስመር ነው፤ መስመሩ ቀና የሚልበት ቦታ ሰዎች መልሰው ያዩት ነው። ለምሳሌ በ11 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ እግሮቹ ከግንዱ የሚወጡበት ቅጽበት ላይ ጉብታ ከታየ፣ እሱን ወደ 40 ሰከንድ አሳጥሮ መልቀቅና «Related video» በሚለው ቦታ ረጅሙን ማያያዝ ይገባል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአጭር ቪዲዮ መግለጫና አስተያየት ውስጥ የሚለጠፍ ሊንክ ስለማይከፈት ይህን መርሳት ድልድዩን መስበር ነው።

አጭሩም በተራው ረጅሙን ይመግባል፤ ከሥሩ «ዋንዛው አይሰነጠቅም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ከመጣ፣ የእንጨት አደራረቅ ለቀጣዩ ረጅም ቪዲዮ ርእስ ይሆናል። የእይታ ቁጥሩ ግን አያታልል፤ ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አጭር ቪዲዮ መጫወት እንደጀመረ እይታ ስለሚቆጠር፣ ስንት ሰው ቆሞ እንዳየና ስንቱ ገፍቶ እንዳለፈ የሚያሳየውን መመልከት ይሻላል።

ለአጭሩ ብቻ መክፈል የሚያዋጣው ወሬው ቶሎ የሚያረጅ ሲሆን ነው፦ አዲስ ዕቃ ሲገባ፣ ዋጋ ሲቀየር ወይም ለበዓል ገበያ። ረጅሙን ያሠራ ግን ሲስማማ ያልተቆረጠው ቀረጻ በሙሉ እንዲሰጠው ያስጽፍ፤ ጉብታው የሚታየው ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ የሚቆርጠው ነገር በእጁ ሊኖር ይገባል።