በብር መበደር ወይስ በዶላር? ለድሬዳዋ ነጋዴ የተሠራ ሂሳብ

የዳቦ ቤት ባለቤት 10,000 ዶላር የሚያወጣ መጋገሪያ ማሽን ሊገዛ ፈልጓል እንበል። ባንክ በብር ያበድረዋል፣ ወለዱ ግን 18 በመቶ ነው። ጅቡቲ ያለ አቅራቢ ደግሞ ማሽኑን በዱቤ ሊሰጠው ይችላል፤ ወለዱ 8 በመቶ፣ ክፍያው በዶላር። ሁለቱም ብድሮች በ36 ወር እኩል ክፍያ ይጠናቀቃሉ። 18 እና 8 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ወደ 8ቱ ይሄዳል፤ ሂሳቡ ግን እዚያ አያልቅም።

ጊዜው ሐምሌ 2016 መጀመሪያ፣ አንድ ዶላር ወደ 57.50 ብር የሚመነዘርበት ወቅት ነው ብለን እንነሳ። የማሽኑ ዋጋ በብር 575,000 ይሆናል። የብሩ ብድር ወርሃዊ ክፍያ 20,788 ብር ነው። የዶላሩ ደግሞ 313 ዶላር፣ ማለትም ወደ 18,000 ብር። በወር 2,800 ብር ግድም ይረክሳል፤ የመጀመሪያው ወር ላይ በዶላር የተበደረው ሰው ብልህ ይመስላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ታኅሣሥ 2017 ሲደርስ ዶላሩ ወደ 125 ብር ተጠግቷል። ስድስት ክፍያ ከተከፈለ በኋላ የሁለቱ ተበዳሪዎች ደብተር ይህን ይመስላል፦

| | የብር ብድር | የዶላር ብድር |
|---|---|---|
| ወርሃዊ ክፍያ | 20,788 ብር | 39,000 ብር ግድም |
| ቀሪ ዕዳ | 499,000 ብር ግድም | 8,495 ዶላር፣ በብር 1,062,000 ግድም |

የዶላሩ ተበዳሪ አንድም ክፍያ አላሳለፈም፣ ወለዱም አልጨመረም። በውሉ ላይ ያለው ቁጥር በየወሩ እየቀነሰ ሄዷል። ሆኖም በብር ሲታይ ስድስት ወር ከፍሎም ዕዳው ከተበደረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ስለሚያይ ነው። ዶላር በወጣ ቁጥር የሚያብጠው ቀሪው ዕዳ በሙሉ ነው፤ የነጋዴው ዳቦ ግን የሚሸጠው በብር ነው።

የ2016ቱ ዝላይ በየዓመቱ አይመጣም የሚል ሰው ልክ ነው። ስለዚህ ረጋ ያለውን ዘመን እንይ። ከጥቅምት 2010 እስከ ሐምሌ 2016 ዶላር ከ27 ብር ወደ 57 ብር ግድም ወጥቷል፤ በዓመት ሲካፈል 11 ወይም 12 በመቶ ነው። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ብድሮች እኩል የሚሆኑት ዶላር በዓመት 10 በመቶ ያህል ሲጨምር ነው። ከዚያ ካለፈ የብሩ ይረክሳል። ስለዚህ ያለ ዝላዩም ቢሆን የዶላሩ 8 በመቶ አልረከሰም ነበር።

«እኔ የምበደረው በዶላር አይደለም» ማለትም አያድንም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ከዶላር ጋር ታስሯል። የሳዑዲ ሪያል በ3.75፣ የኤምሬትስ ድርሃም በ3.6725 ታስረዋል። ጂዳ ያለ ዘመድ 37,500 ሪያል ያለ ወለድ ቢያበድር የሰጠው ያው 10,000 ዶላር ነው። በ36 ወር ሲከፋፈል በመጀመሪያው ምንዛሪ በወር 16,000 ብር ግድም ይመጣል፤ ዶላር 125 ሲገባ 34,700 ይደርሳል። ወለድ የሌለው ብድር 18 በመቶ ወለድ ካለው የብር ብድር ይልቅ ተወደደ ማለት ነው። ወለድ መክፈል ለማይፈልግ ሰው ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ የሚሸጥበት ሙራባሃ የተሻለ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ትርፉ ተደምሮ ዋጋው በብር ይቆረጣል።

የብር ብድርም ከችግር ነፃ አይደለም። ባንኩ ወለዱን መቀየር እንዲችል ውሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ግን ከመነሻው 21 በመቶ ቢሆን እንኳ ክፍያው ወደ 21,660 ብር ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ 900 ብር አይሞላም። ትልቁ ችግር ማግኘቱ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት ገድቦ ስለነበር ወረፋው ረዝሟል፤ ብዙ ሰው ወደ ውጭ ዱቤ የሚገፋውም ይኸው ነው።

የዶላር ብድር የሚስማማው ገቢው በዶላር ለሆነ ሰው ነው፦ ቡና ወይም ጫት ወደ ውጭ ለሚልክ። ለእርሱ ዶላር ሲወጣ ገቢውም አብሮ ይወጣል። እርሱም ቢሆን በወር ከሚገባው የውጭ ገንዘብ ምን ያህሉ በእጁ እንደሚቀር ባንኩን ጠይቆ፣ ክፍያው ከዚያ እንዳይበልጥ ማድረግ አለበት።

ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው፣ ብድሩ በብሔራዊ ባንክ ያልተመዘገበ ከሆነ ባንክ ለመመለሻ ዶላር አይሸጥም። ያኔ የሚቀረው ጥቁር ገበያ ነው፤ ዋጋውም ከባንክ ይበልጣል፣ ሕገ ወጥም ነው። ሁለተኛው፣ «በዕለቱ ምንዛሪ» የሚለው ሐረግ ነው። ዕለቱ ውሉ የተፈረመበት ነው ወይስ የሚከፈልበት? የየትኛው ባንክ ምንዛሪ ነው፣ መግዣው ወይስ መሸጫው? ተበዳሪው የሚከፍለው በመሸጫው ዋጋ ነው፣ ላዩ ላይ ኮሚሽን አለ። እነዚህ በቁጥር ካልተጻፉ ክፍያው ሲደርስ የሚወስነው አበዳሪው ነው።