ከቀጥተኛ ጥያቄ መጀመር ወይስ ከግምገማ ጥያቄ?

ለተማሪዎች የምንባብ ጥያቄ ስናዘጋጅ ሦስት ዓይነት እንጽፋለን፦ መልሱ ምንባቡ ላይ በግልጽ የተጻፈ ቀጥተኛ ጥያቄ፣ መልሱ ከፍንጭ የሚደረስበት አንድምታዊ ጥያቄና የተማሪውን ፍርድ የሚጠይቅ የግምገማ ጥያቄ። ምንባቡ ይህ ነው እንበል፦ «ልጅቷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው። እናቷ ስትገባ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።»

የተለመደው መንገድ ከቀጥተኛው ጥያቄ ተነስቶ ወደ ግምገማው መሄድ ነው። «ደብዳቤውን ስንት ጊዜ አነበበችው?» ብሎ ቀጥተኛውን ማውጣት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ ቀጥተኛዎቹ ቦታውን ይሞሉትና መጨረሻ ላይ «ከምንባቡ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ይለጠፋል። ይህን ደግሞ ምንባቡን ያላየ ተማሪም ይመልሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከግምገማው ይነሳል፦ «ልጅቷ ደብዳቤውን ከእናቷ መደበቋ ተገቢ ነው?» ይህን ለመመለስ ተማሪው መደበቋን መረዳት አለበት፤ ምንባቡ ግን «ደበቀች» አይልም። ስለዚህ አንድምታዊው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፦ «ስለ ዝናቡ ማውራት የጀመረችው ለምንድን ነው?» ለእሱ የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ ቀጥተኛውን ይወልዳል፦ «እናቷ ስትገባ ደብዳቤው የት ነበር?»

እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። «መደበቋ» የሚለው ቃል የአንድምታዊውን መልስ አስቀድሞ ይናገራል። ወረቀቱ ላይ «ልጅቷ ያደረገችው ተገቢ ነው? ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሳችሁ አስረዱ» ተብሎ ይስተካከል። ምንባቡ የመረጃ ጽሑፍ ሲሆንና የሚገመገም አቋም ሲያጣ ግን የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል።