ካሽ ማሽን ብቻ፣ ታብሌት ተጨምሮበት ወይስ የተገናኘ ሶፍትዌር? የትንሽ ምግብ ቤት ፖስ ንጽጽር

አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ትዕዛዝና ሽያጭ የሚመዘግብ ፖስ ልግዛ ሲል ያሉት ምርጫዎች በተግባር ሦስት ናቸው። አንደኛው በገቢዎች የተመዘገበው ካሽ ማሽን ብቻውን ነው። ሁለተኛው ካሽ ማሽኑ እንዳለ ሆኖ ትዕዛዝ የሚቀበል ታብሌት ከጎኑ መጨመር ነው፤ እዚህ በነፃ የሚጫነውን የሽያጭ መተግበሪያ ሎይቨርስን እንወስዳለን። ሦስተኛው ሕጋዊ ደረሰኝ ከሚያትመው ፊስካል ፕሪንተር ጋር የተገናኘ የምግብ ቤት ሶፍትዌር ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚያሞግሷቸው ስኩዌርና ቶስት ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት ስለማይሰጡ ከንጽጽሩ ወጥተዋል።

ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ የስክሪኑን ስፋት ትተው አንድ ትዕዛዝ ይዘው ይሂዱ፦ «አንድ ጥብስ የበግ፣ ደረቅ ያለ፣ ያለ ቃሪያ፣ እንጀራ ተጨማሪ፤ አንድ ማኪያቶ ጠቆር ያለ»። በምግቡ ላይ የሚጨመረው፣ የሚቀነሰው ወይም የሚመረጠው ነገር በፖስ ቋንቋ ሞዲፋየር ይባላል።

ካሽ ማሽኑ ይህን ትዕዛዝ አያውቀውም። የሚያውቀው ፒኤልዩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር፣ አንድ ስም፣ አንድ ዋጋ። «ደረቅ ያለ» የሚለው በአስተናጋጁ ወረቀት ወይም በቃል ወጥ ቤት ይደርሳል። ምግቡ ከስምንት ወይም ከአሥር ዓይነት ለማይበልጥ፣ ወጥ ቤቱም ከካሸሩ ጀርባ ለሆነ ቤት ይህ ይበቃል፤ ሌላ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

ሎይቨርስ ላይ ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሳይመረጥ ማለፍ የሌለበትን፣ ማለትም የበሬ ወይስ የበግ የሚለውን፣ `Variants` ውስጥ ያስገቡት። ጥብስ ሲነካ ምርጫው ራሱ ይከፈታል፤ ለእያንዳንዱም የየራሱ ዋጋ ይሰጠዋል። ቢመረጥም ባይመረጥም የሚያስኬደውን ደግሞ `Modifiers` ውስጥ ያድርጉት፦ ያለ ቃሪያ 0 ብር፣ ተጨማሪ እንጀራ 30 ብር። ሞዲፋየሩን ፈጥሮ ከምግቡ ጋር አለማያያዝ የተለመደ ስህተት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሽያጭ ላይ ግን አይታይም። ሌላው ስህተት ሁሉንም በአንድ ቋት መክተት ነው። «ጠቆር ያለ» ጥብስ ሥር ከወጣ አስተናጋጁ በሦስተኛው ቀን ምርጫውን ሳያነብ ማለፍ ይጀምራል። ለማኪያቶ፣ ለጥብስና ለጾም ምግብ የተለያየ ቡድን ያብጁ፤ በአንዱ ቡድን ከአምስት ወይም ከስድስት ምርጫ አይብለጥ።

ለወጥ ቤቱ ፕሪንተር ከመክፈልዎ በፊት «ጥብስ ያለ ቃሪያ» ብለው አሳትሙት። አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ካወጣ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ጽሑፉን እንደ ምስል የሚያትምበት መንገድ ከሌለ ሌላ ይጠይቁ። ፕሪንተሩ በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ታብሌቱ በባትሪ እየሠራ ትዕዛዙ ወጥ ቤት አይደርስም። ስለዚህ ዩፒኤሱ ላይ ፕሪንተሩንም ራውተሩንም ይሰኩ። ኢንተርኔት ብቻ ሲቋረጥ ሽያጩ ይቀጥላል፣ ሪፖርቱ ግን መስመሩ እስኪመለስ አይታደስም።

የተገናኘው ሶፍትዌር ትዕዛዙን አንዴ ተቀብሎ ለወጥ ቤትም ለፊስካል ደረሰኙም ያደርሳል። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

ካሽ ማሽኑ ሁለት ሪፖርት አለው። ኤክስ ሪፖርት እስከዚያ ሰዓት የተሸጠውን ያሳያል፣ ምንም አይዘጋም፤ ካሸር ሲቀያየር ይጠቅማል። ዜድ ሪፖርት ቀኑን ዘግቶ በፊስካል ሜሞሪው ይጽፋል፣ የቀኑንም ድምር ከዜሮ ያስጀምራል። ታብሌቱ ላይ የዚህ አቻው `Shifts` ነው። ጠዋት የመነሻ ብር ይመዘገባል፣ ከመሳቢያው የወጣ በ`Pay out` ይያዛል፣ ማታ የተቆጠረው ገብቶ ልዩነቱ ይወጣል። በነባሪ ዝግ ስለሆነ ከሴቲንግ መክፈት ያስፈልጋል።

ታብሌትና ካሽ ማሽን ጎን ለጎን የሚሠሩበትን አንድ ምሽት በቁጥር እንየው። ጠዋት መሳቢያው ውስጥ 2,000 ብር ነበር። ታብሌቱ የቀኑን ሽያጭ 38,640 ይላል፤ ከዚህ 20,200 በቴሌብርና በባንክ፣ 18,440 በጥሬ ገንዘብ ነው። ለከሰልና ለሽንኩርት 1,350 ወጥቷል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 2,000 እና 18,440 ተደምሮ 1,350 ሲቀነስ 19,090 መኖር አለበት። ሲቆጠርም 19,090 ሆነ። ዜድ ሪፖርቱ ግን 38,280 ይላል፣ 360 ጎደለ።

ገንዘቡ ልክ ስለሆነ የተሰረቀ ነገር የለም። 360 ለ30 ሲካፈል 12 ነው። የታብሌቱን የሞዲፋየር ሽያጭ ሪፖርት ሲከፍቱ ተጨማሪ እንጀራ 12 ጊዜ ተሽጧል። ካሸሩ ከታብሌቱ እያየ ካሽ ማሽኑ ላይ ጥብሱን መታ፣ እንጀራውን ግን ፒኤልዩ ስለሌለው አለፈው። ብሩ ገብቷል፣ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፤ ቁጥጥር ቢመጣ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዋጋ ያለው ሞዲፋየር ሁሉ ካሽ ማሽኑ ላይ የራሱ ፒኤልዩ ይኑረው፣ ዋጋ የሌለው አይግባበት።

የልዩነቱ መልክ ምክንያቱን ይጠቁማል። ዜዱ ከታብሌቱ ጋር እኩል ሆኖ መሳቢያው ብቻ ከጎደለ፣ መጀመሪያ የቴሌብሩን ዝርዝር ይመልከቱ። በዚያው ልክ ከበለጠ በቴሌብር የተከፈለ ሒሳብ በጥሬ ተመዝግቧል ማለት ነው። ዜዱም መሳቢያውም በእኩል መጠን ከጎደሉ፣ ምናልባት የተሰረዘ ትዕዛዝ ታብሌቱ ላይ በመሰረዝ ፈንታ እንደተከፈለ ሆኖ ተዘግቷል፤ ወይም ደንበኛው ሳይከፍል ወጥቷል። ዜዱ ለታብሌቱ ድምር ሲካፈል 1.15 ከመጣ ደግሞ ሰውን አይጠርጥሩ፤ ታብሌቱ ቫት ያልተጨመረበትን ዋጋ ይዟል፣ ካሽ ማሽኑ 15 በመቶውን ጨምሮበታል። ሎይቨርስ ላይ ታክሱ ዋጋው ውስጥ ያለ ወይም የሚጨመር ተብሎ ይመረጣል፤ ከካሽ ማሽኑ ጋር አንድ አድርጉት።

ሌሊት 7 ሰዓት ለሚዘጋ ቤት አንድ ነገር ይጨመር። የታብሌቱ የቀን ሪፖርት እኩለ ሌሊት ላይ ይቆረጣል፣ የሽፍቱ ግን አይቆረጥም። ዜዱን ከሽፍቱ ሪፖርት ጋር እንጂ ከቀን ሪፖርቱ ጋር አታስተያዩ፤ ሁለቱንም በተከታታይ፣ መሃል ላይ ሽያጭ ሳይገባ ዝጉ። ታብሌቱ የሚያትመው ወረቀትም ለደንበኛ የሚሰጥ ደረሰኝ አይደለም።

እንግዲህ ሦስተኛው ምርጫ የሚያድነው ይህን ሁለቴ መምታት ነው። በቀን ከመቶ በላይ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ካሸሩም በምሳ ሰዓት ሁለት ቦታ መምታት የማይደርስለት ቤት ይግዛው። ከዚያ በታች ታብሌቱ ያዋጣል፤ በየአስተናጋጁ ፒን ሰጥቶ የመሰረዝ ፈቃድ መገደብ ግን ሎይቨርስ ላይ በየወሩ የሚከፈልበት መሆኑን ከወጪው ይቁጠሩት። የተገናኘውን ለመግዛት ከወሰኑ ዋጋና ሞዲፋየር ራስዎ መቀየር መቻልዎን ውል ላይ ያስጽፉ፤ ቃሪያ በተወደደ ቁጥር ቴክኒሻን መጥራት አያዋጣም። ሻጩ ፊት ደግሞ ደረሰኝ እየታተመ ወረቀቱን ያውጡበት። ወረቀቱ ሲመለስ ሶፍትዌሩ ያንኑ ሒሳብ ሁለተኛ ደረሰኝ ከቆረጠበት አይውሰዱት፤ ፊስካል ሜሞሪ ውስጥ የገባ ሽያጭ በአንድ ቁልፍ አይሰረዝም።