የፎቶሾፕ Channel Mixer ለጥቁርና ነጭ ፎቶ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ከስምንት ወር በፊት ታናሽ እህቴን ፎቶ አነሳኋት። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። ከወገቧ ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ፣ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይ። በቀለም ሲታይ በጣም ያምር ነበር። ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ግን ፎቶው ሞተ። ቀሚሱ ቅጠሉ ውስጥ ሰመጠ፣ ፊቷ ሰማዩ ላይ ተለጠፈ። አየችውና «እኔ የታለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አትታይም ነበር።

ያኔ Channel Mixer ከፍቶ Monochrome የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ምልክቱን ስታደርጉ ስላይደሮቹ ራሳቸው ቀይ 40፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 20 ላይ ይቀመጣሉ። እኔም እዚያው ትቼው ኮንትራስት እጨምር ነበር። ከዚያ ፎቶ በኋላ ግን ነገሩን ከስር ለመረዳት ወሰንኩ፣ እስከ ዛሬም ጥቁርና ነጭ የማደርገው ፎቶ ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም በደንብ አይቻለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ከገባ ሌላው ሁሉ ይቀላል። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ፣ ሁሉም ከ0 እስከ 255። Channel Mixer እያንዳንዱን ቁጥር እናንተ በሰጣችሁት ፐርሰንት ያባዛና ይደምራቸዋል። ድምሩ የግራጫው መጠን ነው። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ወደ እህቴ ፎቶ ልመለስ። በ Color Sampler Tool አራት ቦታ ላይ ነጥብ አስቀመጥኩ፤ ቀሚሱ፣ ቅጠሉ፣ ሰማዩና ጉንጯ ላይ። የመሣሪያውን Sample Size 5 by 5 Average አድርጉት፣ አለበለዚያ የአንዲት ፒክስል ቁጥር ያሳስታችኋል። በ Info ፓነል ላይ ያነበብኩት ይሄን ነው። ቀሚሱ ቀይ 170፣ አረንጓዴ 45፣ ሰማያዊ 55። ቅጠሉ 95፣ 125፣ 50። ሰማዩ 90፣ 140፣ 205። ጉንጯ 165፣ 115፣ 85።

አሁን እነዚህን በ40፣ 40፣ 20 አስሏቸው። ቀሚሱ 97 ይመጣል፣ ቅጠሉ 98። ሰማዩ 133፣ ጉንጯ 129። አያችሁ? ለዓይን የማይገናኙት ቀይና አረንጓዴ በግራጫ አንድ ሆኑ። ኮንትራስት ብጨምር ባልጨምር ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም 97 እና 98ን ኮንትራስት አይለያቸውም፣ አብረው ይወጣሉ ወይም አብረው ይወርዳሉ። ለወራት ኮንትራስት ለመጨመር ኩርቭ ስጎትት የኖርኩት በከንቱ መሆኑ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚመክረውን ሞከርኩ፤ ቀይ 100፣ ሌላው ዜሮ። ሰማዩ ወደ 90 ወረደና ጠቆረ፣ ፊቷ ወደ 165 ወጣና አበራ። ቆንጆ! ግን ቀሚሱም 170 ሆነ። አንገቷ የት እንዳለቀና ቀሚሱ የት እንደጀመረ አይለይም። ከንፈሯም ጠፋ፣ ምክንያቱም በቀይ ቻናል ከንፈርና ቆዳ ሊገናኙ ምንም አይቀራቸውም። ይሄ በእሷ ብቻ ሳይሆን በማንም ሰው ፎቶ ላይ የሚያጋጥም ነው። ቀይ ቻናል ቆዳን ያለሰልሳል፣ ምልክትና ብጉር ይደብቃል፣ ከንፈርንም አብሮ ይወስዳል። ሰማያዊ ቻናል የዚህ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳና ነጥብ አውጥቶ ያሳያል፣ ቆዳውንም ያጠቁረዋል። Ctrl+3፣ Ctrl+4 እና Ctrl+5 ተራ በተራ እየተጫናችሁ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ እዩአቸው፣ ያኔ የምለው ወዲያው ይገባችኋል። በ Ctrl+2 ወደ ቀለሙ ትመለሳላችሁ። እኔ አሁን ስላይደር ከመንካቴ በፊት ሁሌም ይሄን አደርጋለሁ።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? እኔ የምፈልገው ቀሚሱ ከቅጠሉ እንዲለይ፣ ፊቷ ደግሞ ከሰማዩ እንዲለይ ነው። ቀሚሱን ለማጨለም አረንጓዴውን ማብዛት አለብኝ፣ ቀይ ቀሚስ ውስጥ አረንጓዴ ትንሽ ነዋ። ሰማዩን ለማጨለም ደግሞ ሰማያዊውን መቀነስ አለብኝ፣ ያውም ከዜሮ በታች። ስሞክር ስሞክር እዚህ ደረስኩ፦

```
Gray = 0.50*R + 0.80*G - 0.30*B
```

ቀሚሱ 105፣ ቅጠሉ 133፣ ሰማዩ 96፣ ጉንጯ 149። ፊቷ ከሰማዩ በ53 ተለየ። አገጯ፣ የጉንጯ ጥላ፣ ከንፈሯ፣ ሁሉም ተመለሰ። ያንን ምሽት ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ እያየሁት ተቀመጥኩ፣ እንደዛ ነው የተደሰትኩት።

በማግስቱ 100% አስጠግቼ ሳየው ግን ሁለት ነገር ተበላሽቷል። ሰማዩ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ኖይዝ አለ። በቅጠሎቹ ጠርዝና በፀጉሯ ዙሪያ ደግሞ በቀጭን ብዕር የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር አለ።

ኖይዙ የመጣው ከመቀነሱ ነው። ሰማያዊውን ስትቀንሱ ብርሃኑ ይቀነሳል፣ ኖይዙ ግን አይቀነስም፣ ይደመራል። የአንዱ ቻናል ኖይዝ የሌላውን ስለማያውቅ መደመርም ሆነ መቀነስ ለሱ ለውጥ የለውም። ሦስቱ ቻናሎች እኩል ኖይዝ አላቸው ብለን ብናስብ፣ የውጤቱን ኖይዝ ለማግኘት ፐርሰንቶቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 40፣ 40፣ 20 የአንድ ቻናልን ኖይዝ ወደ 0.6 ያወርደዋል። 50፣ 80፣ -30 ደግሞ ወደ 1 ገደማ ይመልሰዋል። ዝግጁ ሆኖ የሚመጣውና Black & White Infrared የሚባለው ፕሪሴት -70፣ 200፣ -30 ነው፣ ይሄ ከ2 በላይ ይሆናል። ከመነሻው 40፣ 40፣ 20 ጋር ሲወዳደር ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሦስቱም ላይ ግን የስላይደሮቹን ድምር የሚያሳየው Total የሚለው ቦታ 100 ነው የሚለው። በዚህ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው፣ እኔም ጭምር።

ጄፔግ ፋይል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጄፔግ የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ ይልቅ አብዝቶ ይጨምቃል፣ እኛ ደግሞ ቻናሎችን ስናቀናንስ የምንፈለቅቀው በትክክል ያንን የተጨመቀውን ነው። ሰማዩ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሰድር ከታያችሁ ነገሩ እሱ ነው። አንድ የድሮ ጄፔግ ላይ ሰማያዊውን -60 አድርጌ ሰማዩ በሰድር ተሞላ፣ ምንም ብሞክር አልተመለሰም። አሁን ጄፔግ ላይ ከ-10 በታች አልወርድም። ራው ፋይል ካለኝ ግን በ16 ቢት አውጥቼ እሰራለሁ።

ነጩ መስመር ሌላ ምክንያት አለው። ሌንሱ ሦስቱን ቀለሞች ልክ አንድ ቦታ ላይ አያሳርፋቸውም፣ ወደ ፎቶው ዳር በሄዳችሁ ቁጥር ሰማያዊው በትንሹ ይንሸራተታል። በቀለም ፎቶ ላይ ይሄ እንደ ቀጭን ሐምራዊ ጠርዝ ነው የሚታየው፣ ብዙ ጊዜም አይስተዋልም። ሰማያዊውን ስትቀንሱ ግን የተንሸራተተው ክፍል መስመር ሆኖ ይወጣል። ማስተካከል የሚቻለው ከመቀላቀሉ በፊት ነው፤ ራው ፋይሉን ስትከፍቱ Remove Chromatic Aberration የሚለውን ምረጡ። ከተቀላቀለ በኋላ በብሩሽ አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው።

የመስመሩን ነገር እንዲህ ካስተካከልኩ በኋላ ቁጥሮቹን ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩ፤ 40፣ 80፣ -20። ቀሚሱ 93፣ ቅጠሉ 128፣ ሰማዩ 107፣ ጉንጯ 141። የፊቷና የሰማዩ ልዩነት ከ53 ወደ 34 ወረደ፣ የቀሚሱና የቅጠሉ ግን ከ28 ወደ 35 ወጣ። ኖይዙም ትንሽ ቀነሰ። የቀረውን ለኩርቭ ተውኩት። አሁን ኩርቭ የሚለየው ነገር አለ፣ ምክንያቱም ቁጥሮቹ ተለያይተዋል። ያተምኩትም ይሄንን ነው።

ስለ Total አንድ ነገር ልጨምር። 100 ላይ ጠብቁ የሚባለው ነጭና ግራጫ ነገሮች ብርሃናቸው እንዳይቀየር ነው። 240 የሆነ ደመና በ100 እዚያው 240 ይቆያል፣ በ120 ግን 288 መሆን ይፈልጋል፣ ቦታ ስለሌለው ባዶ ነጭ ይሆናል። ይህ ትክክል ነው። ግን ደማቅ ቀለም ላይ 100 ዋስትና አይሆንም። ቢጫ አበባ ቀይ 240፣ አረንጓዴ 210፣ ሰማያዊ 60 ቢኖረው በ50፣ 80፣ -30 ወደ 270 ይዘላል። አበባው የቅጠሉ መስመር ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ Total ብቻ አትዩ፣ የሂስቶግራሙን ቀኝ ጫፍ ተመልከቱ። Constant የሚለውን ስላይደር ግን እኔ ዜሮ ላይ ትቼዋለሁ፣ ጥቁሩን ከማደብዘዝ ወይም ከመቅበር በቀር ያተረፈልኝ ነገር የለም።

ስድስት ስላይደር ያለው Black & White የሚባለው መሣሪያ አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። እሱንም እጠቀማለሁ፣ ሰማይን ብቻ ነጥሎ ለማጨለም በጣም ፈጣን ነው። ግን እሱ የሚሰራው በቀለም ዓይነት ከፋፍሎ ነው። ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ እያለ የሚሄድ ቆዳ ላይ ሁለቱን ስላይደሮች አራርቃችሁ ብትጎትቱ ፊቱ ላይ መጣፊያ የሚመስል ነገር ይወጣል። Channel Mixer ለሁሉም ፒክስል ያው አንድ ስሌት ነው፣ ስለዚህ ሽግግሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ለፊት ፎቶ እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የማይችለው ነገርም አለ። አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቅጠል ፊት ከቆመና ቁጥሮቻቸው ከተቀራረቡ፣ የትኛውም ቅልቅል አይለያቸውም። ያኔ ሁለት Channel Mixer ሌየር ደርቤ በማስክ አንዱን ለሰውዬው፣ አንዱን ለጀርባው አደርጋለሁ። የማስኩ ጠርዝ ፀጉር ላይ ሲሆን ብዙ ሰዓት ይበላል፣ አንዳንዴም ትቼው ፎቶውን በቀለም አስቀረዋለሁ።

የእህቴ ፎቶ አሁን ክፍሏ ግድግዳ ላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግራ ትከሻዋ ጋ፣ አንዲት ቅጠል ጠርዝ ላይ፣ ሳላየው ያለፈኝ ቀጭን ነጭ መስመር አለ።