ሲም ያለው ራውተር ወይስ ፋይበር? አዲስ ከተማ ለገባ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ውጭ አገር ሄዶ አዲስ ከተማ የገባ ሰው የኢንተርኔት ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል፤ ስልኬ በምን ይሠራል? ሁለተኛው ደግሞ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በውል ሊያስር ይችላል፤ ቤቴስ? ብዙ ሰው ድካሙ ሳይወጣለት ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሱቅ ይጨርሳል። ሻጩ ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚይዝ አያውቅም። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ጥያቄ ቶሎ መልሶ፣ በዚያው መልስ ሁለተኛውን መፈተን ነው።

ለስልኩ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚገዛ፣ ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን የተጓዥ ኢሲም እንደወረዱ ካርታና መልእክት ያስከፍትልዎታል። ነገር ግን አብዛኞቹ ዳታ ብቻ ስለሆኑ የአገሩ ስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ባንኩም ሆነ አከራዩ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው። ስለዚህ ኢሲሙ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መሸጋገሪያ ይሁንና ፓስፖርት ይዘው የአገሩን የቅድመ ክፍያ ሲም ያውጡ። የወር ውል ያለበትን አሁን አይንኩት። አስቀድመው ግን ስልክዎ ለአንድ የስልክ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑን በሌላ ድርጅት ሲም ይሞክሩ። ከውጭ የገባ ስልክ ካልተመዘገበ የሚዘጋባቸው አገሮችም አሉ፤ የሚመዘገበው ቁጥር `*#06#` ሲደውሉ ይመጣል።

ከተቻለ ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ሁለት የቅድመ ክፍያ ሲም ይግዙ፣ በእያንዳንዱም ላይ ትንሽ ዳታ ይሙሉ። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የቤትዎን ኢንተርኔት የሚመርጡት በእነዚህ ሁለት ሲሞች ነው።

ሲም ያለው ራውተር

ይህ ሲም የሚጎርስ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ትውልድ ራውተር ነው። ትልቁ ውበቱ ፍጥነቱ ሳይሆን ነፃነቱ ነው። በገዙበት ቀን ይሠራል፣ ግድግዳ አይበሳም፣ የአከራይ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቤት ሲቀይሩ ከልብስዎ ጋር በሻንጣ ይሄዳል።

ድካሙ የሚታየው ማታ ነው። አንድ የኔትወርክ ማማ የሚያሠራጨውን አቅም አካባቢው ሁሉ ይካፈለዋል። ሰፈርተኛው ሥራ ላይ ሲውል ለእርስዎ ብዙ ይተርፋል፤ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ፊልም ሲከፍት ድርሻዎ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ በቀትር የሚታይ የፍጥነት ሙከራ ብዙም የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ነው። በብዙ ውሎች ውስጥ ይህ ማለት የተወሰነ ጊጋባይት ካለፈ በኋላ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ግን ይንቀራፈፋል ማለት ነው። የመጠን ገደቡንና ከገደቡ በኋላ የሚቀረውን ፍጥነት በጽሑፍ ይጠይቁ። የስልክ ፓኬጅ ሲም አውጥቶ ራውተር ውስጥ መክተትም በአንዳንድ ውሎች ክልክል ነው።

ፋይበር

ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። መስመሩ እስከ ቤትዎ ከገባ የማታው መጨናነቅ ብዙ አይነካውም፤ ወደ ውጭ የመላክ ፍጥነቱም ከሌሎቹ ይሻላል። ከቤት ለሚሠራ ሰው ዋናው ይህ መላኪያ ነው፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፅዎ የሚቆራረጠው ብዙውን ጊዜ እሱ ሲጠብ ነው።

ወረፋው ግን ያስለቅሳል። ሕንፃው መስመር ከሌለው የአከራይ ፈቃድ፣ የቴክኒሻን ቀጠሮና የገመድ ዝርጋታ ሳምንታት ሊወስዱ ይችላሉ። ሌላው ወጥመድ ስሙ ነው። መስታወቱ መንገድ ዳር ካለ ሳጥን ላይ ቆሞ ቀሪው መንገድ በአሮጌ የመዳብ ስልክ ገመድ የሚጨርስ አገልግሎትም «ፋይበር» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። መዳብ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ «ፋይበር አላችሁ?» ሳይሆን «የመስታወቱ ገመድ እስከ ቤቴ ውስጥ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። ቤት ከመከራየትዎ በፊት ጎረቤት ቢጠይቁ ደግሞ የበለጠ።

ሙከራው በተግባር

ሁለቱም ከቤት የሚሠሩ ባልና ሚስት አዲስ ቤት ገቡ እንበል። በመጀመሪያ ፍጆታቸውን ያስሉ። ሁለቱ ተደምረው በቀን ለ4 ሰዓት በቪዲዮ ይሰበሰባሉ፤ በሰዓት 1.5 ጊጋባይት ቢወስድ፣ በ22 የሥራ ቀናት 132 ጊጋባይት ይሆናል። ማታ ማታ ለ2 ሰዓት ጥራት ያለው ፊልም ቢያዩ፣ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ስለሚበላ በወር ወደ 180 ይደርሳል። ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች ማዘመኛ 40 ሲጨመር ድምሩ 350 ይጠጋል፤ በቀን ወደ 12 ጊጋባይት ማለት ነው። ስለዚህ በ200 ጊጋባይት የሚገደብ «ያልተገደበ» ራውተር በወሩ በ17ኛው ቀን አካባቢ ይንቀራፈፍባቸዋል።

ከዚያ ሁለቱን ሲሞች በየተራ ስልክ ውስጥ ከትተው፣ ራውተሩን ሊያስቀምጡ ካሰቡበት መስኮት አጠገብ ፍጥነት ይለካሉ። አንዴ ረፋድ ላይ፣ አንዴ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ለሦስት ቀን። የመጀመሪያው ሲም ረፋድ በሰከንድ 60 ሜጋቢት አውርዶ ማታ 7 ቢሆን፣ መላኪያው ደግሞ ከ20 ወደ 2 ቢወርድ፣ ማታ ሁለት ስብሰባ በአንድ ጊዜ አይሸከምም። ሁለተኛው ከ35 ወደ 22 ቢወርድ፣ በመላክም 8 ቢቀረው፣ ረፋድ ላይ ያነሰ ቢሆንም የሚመረጠው እሱ ነው።

ፍጥነት ብቻውን መቆራረጥን አያሳይም። የስልኩን ሆትስፖት ከፍተው ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር Command Prompt ውስጥ ይህን ይጻፉ፦

```
ping -n 100 8.8.8.8
```

በመጨረሻ ከሚመጡት መስመሮች Lost የሚለው ከተላኩት መቶ መልእክቶች ስንቱ እንደጠፋ ይናገራል። አንድም ካልጠፋ ወይም አንድ ብቻ ከጠፋ ደህና ነው። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ያለው ሚሊሰከንድ 40፣ 45፣ 50 እያለ ቢሄድ ስብሰባው ይሰምራል፤ ከ40 ወደ 400 እየዘለለ ከተመለሰ ግን ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢያምር ድምፅ ይሰባበራል።

ራውተሩን ከገዙ በኋላ በማስተካከያ ገጹ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ RSRP የሚል ቁጥር ይፈልጉ። ከዜሮ በታች የሚነበብ ነው፤ -85 ጥሩ፣ -100 የሚያሠራ፣ ከ-110 ያነሰ ደካማ ነው። ራውተሩን ከመደርደሪያ ወደ መስኮት ማዛወር ብቻ ይህን ቁጥር ብዙ ሊያሻሽለው ይችላል። ይሁን እንጂ RSRP ጥሩ ሆኖ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ የማማው መጨናነቅ ስለሆነ አንቴና መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ታዲያ የቱን?

ቤቱ ለስድስት ወር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሙከራው ከሁለቱ ሲሞች አንዱ ማታም በደንብ እንደሚሠራ ካሳየ፣ እኔ ራውተሩን እወስዳለሁ፤ ውል ሳልፈርም፣ በቅድመ ክፍያ። ለሁለቱ ሠራተኞች ግን 350 ጊጋባይታቸውን አይቼ ፋይበር አዝዛለሁ፤ ቴክኒሻኑ እስኪመጣ ደግሞ በሁለተኛው ሲም እንዲሠሩ እመክራለሁ። ፋይበሩ ሲገባ ያ ሲም አይጣል፤ ገመድ በቁፋሮ የሚቆረጥበት ቀን ስለሚመጣ ትንሽ ዳታ ተሞልቶበት በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የፋይበሩ ሳጥንም ራውተሩም ኤሌክትሪክ እንደሚፈልጉ አይርሱ። የሁለቱን ቮልት ከጀርባቸው አንብበው ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ቢገዙላቸው ለጥቂት ሰዓት ያቆያቸዋል።

ፋይበሩ በገባ ማግስት «ቀርፋፋ ነው» ብለው ከመደወልዎ በፊት ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ። በገመድ የተገዛው ፍጥነት ከመጣና በዋይፋይ ካልመጣ፣ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የዋይፋዩ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በመካከል ያለው ግድግዳ ነው።